ፍንጭት ወይም ብሬስ ላለው አፍ፦ ክር፣ የመሃል ብሩሽ ወይስ የውሃ ፍሎሰር?

የጥርስ ብሩሽ የጥርስን የፊት ገጽ፣ የውስጡን ገጽና ማኘኪያውን ያጸዳል። ጎን ለጎን የቆሙ ጥርሶች የሚተያዩባቸውን ገጾች ግን አያገኛቸውም። እዚያ የሚቀረው ፕላክ፣ ማለትም ጥርስ ላይ የሚጣበቀው ለስላሳ የባክቴሪያ ንብርብር፣ ሳይነካ ከከረመ ድዱን ያቆጣል፤ ከምራቅ ማዕድን እየወሰደም ይጠነክርና ታርታር ይሆናል። ታርታር ደግሞ በቤት መሣሪያ አይለቅም፤ የሐኪም እጅ ይፈልጋል።

ፍንጭት ያላቸውና ብሬስ ያሰሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ከክር፣ ከመሃል ብሩሽና ከውሃ ፍሎሰር የትኛውን እንግዛ ብለው ነው። መልሱ የሚገኘው ክፍተቱን በመመልከት ነው። በአንድ አፍ ውስጥ እንኳ የላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች መሃል ሁለት ሚሊ ሜትር ክፍት ሆኖ፣ የኋላ መንጋጋዎቹ ክር እንኳ በግድ የሚያሳልፉ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ አንድ መሣሪያ ብቻ የያዘ ሰው የሆነ ቦታ ሳያጸዳ መተኛቱ አይቀርም። ከዚህ በታች የምንከተለው መርህ ይኼ ነው፦ የመሃል ብሩሽ ሳይገፋ በሚገባበት ቦታ ሁሉ ብሩሽ፣ በማይገባበት ክር፣ ውሃ ደግሞ በሁለቱ ላይ ተጨማሪ።

ክፍተቱን መለየት

መስታወት ፊት ቆመው፣ በስልክ መብራት እያበሩ፣ የጥርሶቹን መሃል አንድ በአንድ ይመልከቱ። የሚያገኙት ክፍተት ከሚከተሉት አንዱ ነው።

የመጀመሪያው ጥርሶቹ የሚነካኩበትና ድዱ መሃላቸውን እስከ መነካኪያው ድረስ የሞላው ነው። ክር ሲያስገቡ ጠበቅ ብሎ ቀጭ እያለ ያልፋል፤ ከመነካኪያው በታች ምንም ቀዳዳ አይታይም። እዚህ ቦታ የክር ነው።

ሁለተኛው ጥርሶቹ ከላይ የሚነካኩበት፣ ከታች ድዱ አካባቢ ግን ትንሽ ጥቁር ሦስት ማዕዘን የሚታይበት ነው። ድድ በበሽታ ወይም በዕድሜ ሲሸሽ፣ ወይም ተደራርበው የነበሩ ጥርሶች በብሬስ ሲደረደሩ ይፈጠራል። ይኼ የመሃል ብሩሽ ዋና ቦታ ነው።

ሦስተኛው ጥርሶቹ ጨርሶ የማይነካኩበት እውነተኛው ፍንጭት ነው። ብዙ ሰው ፍንጭት ክፍት ስለሆነ ራሱ የሚጸዳ ይመስለዋል። ምግብ አይቀረቀርበትም እንጂ ፕላክ ግን ይይዛል፤ በተለይ ከድዱ ጫፍ በላይ ባለችው ቀጭን መስመር ላይ። እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ለሆነ ፍንጭት ወፈር ያለ የመሃል ብሩሽ ይበቃል። ከሦስት ሚሊ ሜትር ካለፈ ብሩሹ በመሃል ይዋልላል እንጂ ግድግዳውን አይነካም፤ ስለዚህ አንዲት ጉንጉን ጸጉር ብቻ ያላት ትንሽ ብሩሽ ይሻላል። አንድ ጥርስ ወልቆ ክፍት ከቀረ ደግሞ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ንጹሕ የፋሻ ቁራጭ በቁመቱ አጥፈው፣ በክፍቱ በኩል ያለውን የጥርስ ጎን ወዲያና ወዲህ እየሳቡ ይወልውሉት። እንዲህ ሰፊ ቦታ ላይ ቀጭን ክር ጊዜ ከመፍጀት ያለፈ አይጠቅምም።

የመሃል ብሩሽ፦ ሁሉም ነገር በልክ ላይ ነው

የመሃል ብሩሽ በቀጭን ሽቦ ዙሪያ የተጠመጠመ ጸጉር ነው። ብዙዎች ሞክረው የሚተዉት ልኩ ሳይሆን ቀርቶ ነው። የቀጠነው ሳይነካ ይወጣል፤ የወፈረው ይጎዳል፣ ይጎብጣል፣ ይሰበራል።

ዓለም አቀፉ የአይኤስኦ 16409 ደረጃ እነዚህን ብሩሾች ከ0 እስከ 8 ይቆጥራቸዋል። ቁጥሩ የሚነሳው ብሩሹ ሽቦው ሳይጎብጥ ሊያልፍበት ከሚችለው ትንሹ ቀዳዳ ስፋት ነው። ቁጥር 0 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር ለሆነ ቀዳዳ፣ ቁጥር 3 ከ1.1 እስከ 1.2፣ ቁጥር 6 ከ1.9 እስከ 2.3 ሚሊ ሜትር ነው። በማሸጊያው ላይ ቀለሙን አይመኑ። የአንዱ አምራች ሮዝ ቁጥር 0 ሲሆን የሌላው ሮዝ ሌላ ልክ ነው፤ አምራች ሲቀይሩ ቁጥሩን ያነጻጽሩ። አንዳንድ ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው ሌላ ሚሊ ሜትር ደግሞ የሽቦው ውፍረት ነው፤ ከቀዳዳው ስፋት ጋር እንዳያምታቱት።

ልኩን ለማግኘት የተለያየ ልክ የያዘ ድብልቅ ማሸጊያ ይግዙ። ከዚያ እንዲህ ያድርጉ፦

1. ከትንሹ ይጀምሩ። ብሩሹን በውሃ ያርጥቡት፤ የጥርስ ሳሙና አይቀቡት። የሳሙናው ፈጪ ቅንጣት ድዱ ሸሽቶ የተጋለጠ ሥር ላይ ሲመላለስ ይበላዋል።

2. ጫፉን ከድዱ በላይ ባለው ሦስት ማዕዘን ላይ ያድርጉ። ለላይኛው ጥርስ ጫፉ በትንሹ ወደ ታች፣ ለታችኛው ወደ ላይ ያዘነብላል። እንዲህ ሲሆን ጫፉ ድድ አይወጋም።

3. ሳይገፉ፣ በትንሹ እያሽከረከሩ ያስገቡ። ሽቦው ከቆመ ወይም ከጎበጠ ያቁሙ፤ ያ ልክ አይሆንም።

4. በቀላሉ ከገባና ጸጉሩ ግራና ቀኙን ካልነካ አንድ ቁጥር ከፍ ይበሉ።

5. ትክክለኛው ልክ ሽቦው ጥርስ ሳይነካ፣ ጸጉሩ ግን በሁለቱም በኩል ለስለስ ያለ ተቃውሞ እየሰጠ የሚያልፈው ነው። ስስ ተቃውሞ ሊሰማዎት ይገባል፤ ሕመም ግን አይደለም።

አብዛኛው ሰው ሁለት ወይም ሦስት ልክ ያስፈልገዋል፤ ለታችኛው የፊት ጥርስ አንድ፣ ለመንጋጋ አንድ፣ ፍንጭት ካለ ሌላ። የትኛው ቁጥር የት እንደሚገባ ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ ካልተጻፈ በሳምንቱ ይረሳል።

አጠቃቀሙ አጭር ነው። ሙሉ በሙሉ አስገብተው ሦስት ወይም አራት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይሳቡት፤ አንዴ ወደ ግራው ጥርስ፣ አንዴ ወደ ቀኙ ዘንበል እያደረጉ። ከዚያ በውሃ አጥበው ወደሚቀጥለው ይሂዱ። ለኋላ መንጋጋ አፍዎን በጣም ከከፈቱ ጉንጭዎ ተወጥሮ እጅዎን ይከለክላል። አፍን ግማሽ ከፍቶ ጉንጩን ማላላት ይሻላል። ረዘም ያለና ጫፉ የታጠፈ እጀታ ለዚህ ቦታ ይመቻል፤ እጀታው አጭር የሆነውን ደግሞ አንገቱ ላይ በጣት ጎበጥ ማድረግ ይቻላል፣ ሽቦው ራሱ ላይ ግን አይደለም።

ጸጉሩ ሲንጨፈረር ወይም ሽቦው ሲታጠፍ ይጣላል። በቀን አንዴ ለሚጠቀም ሰው አንድ ብሩሽ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያገለግላል። በሁለት ቀን የሚሰበርብዎት ከሆነ ብሩሹ ደካማ ከመሆኑ በፊት ልኩን ይጠርጥሩ፤ ወይ ወፍሯል፣ ወይ ተጣሞ እየገባ ነው።

ድዱ በሸሸ ቦታ ብሩሽ ከክር የሚበልጥበት ጠንካራ ምክንያት አለ። የጥርስ ሥር ቀጥ ያለ ግድግዳ አይደለም። በተለይ ከክራንቻ ቀጥሎ ያለው የላይኛው ትንሽ መንጋጋ፣ ወደ ክራንቻው የዞረው ጎኑ ከድዱ አጠገብ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። የተወጠረ ክር የስርጉዱን ሁለት ጠርዞች ብቻ ነክቶ ያልፋል፤ መሃሉ ሳይነካ ይቀራል። ጸጉር ግን ይገባበታል። ይኼ ስርጉድ ድዱ ጤነኛ ሆኖ እስከሸፈነው ድረስ ችግር አይሆንም፤ ሲጋለጥ ነው ብሩሽ የሚያስፈልገው።

የጥናቱ ማስረጃም ወደዚሁ ያዘነብላል፤ ሆኖም ከሚወራው በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው የኮክሬን ድርጅት ተመራማሪዎች በ2019 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) 35 ሙከራዎችን አሰባስበው ባወጡት ግምገማ፣ ከተራ ብሩሽ በተጨማሪ ክር ወይም የመሃል ብሩሽ መጠቀም የድድ ቁጣን ወይም ፕላክን ከብሩሽ ብቻ በላይ ሊቀንስ እንደሚችልና የመሃል ብሩሽ ከክር የበለጠ ውጤታማ ሊሆን እንደሚችል ጽፈዋል። የማስረጃው እርግጠኝነት ግን በአብዛኛው ዝቅተኛ መሆኑንም ገልጸዋል።

ክር፦ ብሩሽ በማይገባበት

ክርን ሰው የሚጠላው እንደ መጋዝ ስለሚጠቀምበት ነው። ቀጭ አድርጎ ማስገባትና ማውጣት ምግብ ያወጣል እንጂ ፕላክ አያነሳም። ፕላክ የሚነሳው ክሩ ጥርሱን ሲያቅፍ ብቻ ነው።

45 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቁረጡ። አብዛኛውን በአንዱ እጅ መካከለኛ ጣት፣ ጥቂቱን በሌላው ላይ ጠምጥመው በመሃል ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ያስቀሩ፤ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ይወጥሩት። በመነካኪያው ላይ ወዲያና ወዲህ በትንሹ እያንቀሳቀሱ ቀስ ብለው ያሳልፉት፤ በኃይል ገፍተው ድዱ ላይ አይጣሉት። ካለፈ በኋላ በአንዱ ጥርስ ጎን በግማሽ ክብ ያጥፉት፣ ድዱ እስኪያቆመው ድረስ በቀስታ ከድዱ ጫፍ ሥር ያውርዱትና አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ከታች ወደ ላይ ይጥረጉ። ከዚያ ሳያወጡ በሌላው ጥርስ ላይ ያጥፉት። በየመሃሉ ንጹሕ ክር እየፈቱ ይቀጥሉ። አንድ ጎን የመጨረሻው መንጋጋ ጀርባ ነው፤ ጎረቤት ስለሌለው ይረሳል።

ክሩ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ እየተተለተለ ወይም እየተበጠሰ ከወጣ ልብ ይበሉ። እዚያ ቦታ ጠርዙ የተረፈ ሙሊት፣ ታርታር ወይም የጀመረ ቀዳዳ ሊኖር ይችላል። ይኼ በቤት የሚፈታ ስላልሆነ ቦታውን ጠቁመው ለሐኪም ያሳዩ። በድዱ መሃል በቀጭኑ የተሰነጠቀ መስመር ካዩ ደግሞ ክሩ ጥርሱን ሳያቅፍ ቀጥ ብሎ ድዱን እየቆረጠ ነው ማለት ነው። ያን ቦታ ጥቂት ቀን አሳርፈው አያያዝዎን ያስተካክሉ።

ብሬስ ላይ ችግሩ ሽቦው ክሩን ከላይ እንዳይገባ መከልከሉ ነው። መፍትሔው ክሩን ከሽቦው ሥር ማሳለፍ ነው። ለዚህ ሁለት ነገር አለ። አንዱ ክር የሚሰካበት ቀለበት ያለው የፕላስቲክ መርፌ ነው። ሌላው ተቆርጦ የሚሸጠው ባለ ሦስት ክፍል ክር ነው፤ አንዱ ጫፉ ጠንካራ፣ መሃሉ ስፖንጅ መሰል፣ ቀሪው ተራ ክር ነው። ጠንካራውን ጫፍ በሽቦውና በጥርሱ መሃል ያሳልፉ፣ ክሩን ይሳቡ፣ ከሽቦው ሥር እንዳለ በመነካኪያው በኩል ወደ ድዱ ያውርዱት፣ ሁለቱንም ጥርሶች አቅፈው ይጥረጉ፤ ሲጨርሱ ወደ ኋላ አይጎትቱ፣ አንዱን ጫፍ ለቀው በጎን ያውጡት። ክሩን ወደ ላይ ጎትቶ ከሽቦው ማስለቀቅ ብራኬትን፣ ማለትም ጥርሱ ላይ ተለጥፎ ሽቦውን የሚይዘውን ትንሽ ቁራጭ፣ ሊነቅል ወይም ሽቦ ሊያጎብጥ ይችላል።

በዚህ መንገድ የአንድ ሰው ሁሉንም ጥርሶች መጨረስ ጊዜ ይፈጃል፤ ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት የሚተወውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ለብሬስ ክርን ብሩሽ በማይገባባቸው ጥብቅ መሃሎች ላይ ብቻ ይወስኑ። ብሬስ ወልቆ ከኋላ የተለጠፈ ማቆያ ሽቦ የቀረለት ሰውም ይህንኑ መርፌ ይጠቀማል። ማቆያው ከውስጥ መንገዱን ስለሚዘጋ፣ መርፌው ከፊት በኩል ከመነካኪያው በታች ገብቶ ወደ ውስጥ ይወጣል።

የውሃ ፍሎሰር፦ ምን ያደርጋል፣ ምን አያደርግም

የውሃ ፍሎሰር በሞተር የሚገፋ ቀጭን፣ የሚቆራረጥ የውሃ ጅረት ነው። በቤት የሚያገለግለው ዓይነት የተሠራው በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በኮሎራዶ ፎርት ኮሊንስ ውስጥ በአንድ የጥርስ ሐኪምና በአንድ የውሃ ምሕንድስና ባለሙያ ትብብር ነበር። ጅረቱ ምግብን፣ የላላ ፕላክንና በድዱ ሥር የተጠራቀመን ነገር ያጥባል፤ የቆጣ ድድንም ይረዳል። የተጣበቀ ፕላክን ግን እንደሚፈገፍግ ነገር አይነቅልም። ውሃ ብቻ ተጠቅመው ጥርስዎን በምላስ ቢዳስሱ የሚያዳልጥ ስስ ሽፋን ተጣብቆ ሊሰማዎት ይችላል፤ ያ ፕላክ ነው። የኮክሬን ግምገማም ውሃ የድድ ቁጣን ሊቀንስ እንደሚችል፣ በፕላክ ላይ ግን ልዩነት እንዳላሳየ ይጠቁማል። እንግዲህ ጥቅሙ በብሬስና በድልድይ ጥርስ ዙሪያ፣ እጅ በሚንቀጠቀጥበትና ክር መያዝ በሚያስቸግርበት ሰው ላይ ይገናል።

አጠቃቀሙ፦ ታንኩን ለብ ባለ ውሃ ይሙሉ፤ ቀዝቃዛ ውሃ የተጋለጠ ሥር ያማል። ከዝቅተኛው ግፊት ይጀምሩ። ጫፉን አፍዎ ውስጥ ካስገቡ በኋላ ያብሩት እንጂ አስቀድመው አይደለም፤ መስታወቱ ይረጠባል። ገንዳው ላይ ዘንበል ብለው ከንፈርዎን በጥቂቱ ይግጠሙና ውሃው በነጻ እንዲፈስ ይተዉት። ጫፉን በድዱ መስመር ላይ ከጥርሱ ጋር በ90 ዲግሪ ማዕዘን ይያዙ፤ ወደ ድዱ ውስጥ ወደ ታች አያዘንብሉት። በየመሃሉ ሁለት ሰከንድ ያህል እየቆሙ ከኋላ ጀምረው ወደ ፊት ይምጡ፣ ከዚያ በውስጥ በኩል ይድገሙ። ብሬስ ላለው ጫፉ ላይ ትንሽ ጸጉር ያለው ልዩ ጫፍ ይሸጣል፤ እሱን በየብራኬቱ ዙሪያ በቀስታ ያዙሩት።

በየሁለት ወይም ሦስት ቀኑ ግፊቱን አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ድዱ ነጭ እስኪል ወይም እስኪያም ግን አይደለም። ሲጨርሱ ታንኩን ደፍተው ክፍቱን ይተዉት፤ ውሃ ተቋጥሮ ካደረ ውስጡ ይሻግታል። ማዕድን የበዛበት ውሃ የሚጠቀም ሰው ግፊቱ በወራት ውስጥ እየደከመ ሲሄድ ያስተውላል። ግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 60 ሚሊ ሊትር ነጭ ኮምጣጤ ጨምሮ በማሽኑ ማሳለፍ፣ ከዚያም አንድ ታንክ ንጹሕ ውሃ ማሳለፍ ያስተካክለዋል። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያለው ወይም ከዚህ ቀደም የልብ ውስጥ ሽፋን ኢንፌክሽን የያዘው ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ብሬስ ሲኖር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች

ብሬስ ላይ ብዙ ስሕተት የሚመጣው አንዱን ሥራ ሠርቶ ሁለቱን እንደሠሩ ከማሰብ ነው። አንደኛው የጥርሶቹ መሃል ነው፤ ከላይ የተነጋገርነው። ሁለተኛው የብራኬቱ ዙሪያ ነው። ብራኬት ከድዱ ባለው ርቀት ውስጥ ፕላክ ተጠራቅሞ ከቆየ፣ አሲዱ የጥርሱን ልባስ ማዕድን ይበላና ኖራ የመሰለ ነጭ ምልክት ይተዋል። ምልክቱ በአንድ ወር ውስጥ ሊታይ ይችላል፤ ብሬሱ ሲወልቅም የብራኬቱን ቅርጽ ይዞ ይቀራል።

ለዙሪያው የመሃል ብሩሹን በሽቦው ሥር፣ በሁለት ብራኬቶች መሃል፣ ከላይ ወደ ታች ይሰኩት፤ ብራኬቱን ጎኑን ጎኑን ይጥረጉ። ከዚያ ከታች ወደ ላይ ደግመው ሌላኛውን ጎን ይጥረጉ። ለዚህ ሥራ ከመሃሉ ወፈር ያለ ብሩሽ ይሆናል። ለመሃሉ ሥራ ደግሞ ብሩሹን በሽቦውና በድዱ መካከል ባለው ክፍተት አግድም ያስገቡ። ሽቦው ብዙውን ጊዜ የጥርሱ መሃል ላይ ስለሆነ፣ ሦስት ማዕዘኑ ለብሩሽ ክፍት ይሆናል፤ መርፌና ክር አያስፈልግም።

ሌላው ነገር የክፍተቱ ስፋት መለዋወጡ ነው። ሐኪሙ ሽቦ በለወጠ ቁጥር አንዱ ፍንጭት ይጠባል፣ ሌላው ይከፈታል። ባለፈው ወር የገባ ብሩሽ ዛሬ አልገባም ቢል አይግፉት፤ አንድ ቁጥር ዝቅ ይበሉ። ከእያንዳንዱ ቀጠሮ በኋላ ባለው ሳምንት ልኮቹን እንደገና ይፈትሹ።

አንድ ምሳሌ፦ አራት ወር በብሬስ

አራት ወር ብሬስ ያሰረ ሰውን እንውሰድ። የላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች መሃል ሁለት ሚሊ ሜትር ፍንጭት አለ፤ እየተዘጋ ነው። ታች ያሉት ስድስት የፊት ጥርሶች ተደራርበዋል፤ ድዳቸው አብጧል፣ ሲነካ ይደማል። መንጋጋዎቹ መሃል ደግሞ ከሽቦው በታች ሦስት ማዕዘን ይታያል።

ልክ ሲፈተሽ ፍንጭቱ ላይ ቁጥር 6 ሳይጎብጥ አልፎ ሁለቱንም ጎን ነካ። መንጋጋዎቹ ላይ ቁጥር 2 ዋለለ፣ ቁጥር 3 በለስላሳ ተቃውሞ አለፈ። ታች ፊት ላይ ቁጥር 0 እንኳ ቆመ፤ ያበጠው ድድ መሃሉን ሞልቶታል። ስለዚህ ዕቅዱ እንዲህ ይሆናል። ማታ፣ ከመደበኛው ብሩሽ በፊት፣ አንድ ደቂቃ ያህል በውሃ ፍሎሰር የተቀረቀረውን ምግብ ማጠብ። ይኼ መጀመሪያ የሚሆነው ብሩሹ ምግቡን ወደ ድዱ እንዳይገፋው ነው። ቀጥሎ ቁጥር 3 ለሁሉም መንጋጋ፣ ቁጥር 6 ለፍንጭቱ፤ ፍንጭቱ ውስጥ ብሩሹን መጀመሪያ ወደ ግራው ጥርስ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኙ አስደግፎ ማሻሸት፤ ከዚያም በዚያው ብሩሽ የብራኬቶቹን ዙሪያ መጥረግ። ክሩ የሚያስፈልገው ለታችኞቹ ስድስት ጥርሶች አምስት መሃሎች ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና ሁለት ደቂቃ መቦረሽ፣ ሳሙናውን መትፋት፣ በውሃ አለመጉመጥመጥ። ሁሉም ተደምሮ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል።

በመጀመሪያው ሳምንት የታችኛው ድድ ከበፊቱ ይልቅ የደማ ይመስላል። ይኼ የሚጠበቅ ነው፤ የቆጣ ድድ ሲነካ ይደማል። በሁለተኛው ሳምንት ደሙ ይቀንሳል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት እብጠቱ ሲወርድ ታች ፊት ላይ ያልነበረ ጥቁር ሦስት ማዕዘን ይታያል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «ብሩሹ ጥርሴን ፈነጨው» ብሎ ይደነግጣል። ክፍተቱ ድሮም ነበረ፤ የሸፈነው እብጠት ነው የወረደው። አሁን ቁጥር 0 ይገባል፤ ክሩ በእነዚያ ቦታዎች በብሩሽ ይተካል፣ የማታው ሥራም በግማሽ ያጥራል። በሌላ በኩል ፍንጭቱ ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ሲጠብ ቁጥር 6 ይቆምና ቁጥር 2 ይተካዋል። ጥርሶቹ ጨርሰው ሲነካኩና ድዱ መሃሉን ከሞላ፣ ያ ቦታ ወደ ክር ይመለሳል።

ሥራው መድረሱን እንዴት ማወቅ ይቻላል

መስታወት ይሸነግላል፤ ፕላክ ከጥርስ ቀለም ጋር ስለሚመሳሰል አይታይም። ፕላክ የሚያቀላ ታብሌት ግን ያጋልጠዋል። ጽዳቱን ከጨረሱ በኋላ አንዱን አኝከው በምላስ ያዳርሱት፣ ይትፉት፣ አንዴ ይጉመጥመጡ። ቀይ የቀረበት ቦታ ያልደረሱበት ነው። ቀዩ በብራኬቱና በድዱ መሃል ከሆነ የዙሪያው ሥራ ጎድሏል፤ በሦስት ማዕዘኑ ጠርዝ ከሆነ ብሩሹ ቀጥኗል፤ የኋላው መንጋጋ በውስጥ በኩል ብቻ ከቀላ ብሩሹን ከውስጥም ማስገባት ያስፈልጋል። በሳምንት አንዴ መሞከር በቂ ነው። ልብስና ነጭ ፎጣ ያርቁ፤ ቀለሙ ቶሎ አይለቅም።

የደም ምልክት አንድ የተደበቀ ወጥመድ አለው። የሚያጨስ ሰው ድድ ታሞም እምብዛም ላይደማ ይችላል፤ ስለዚህ «አይደማም» ማለት «ጤነኛ ነው» ማለት አይሆንም። በየቀኑ በትክክለኛ ልክ ጸድቶ ከሁለት ሳምንት በኋላም አንድ ቦታ መድማቱን ካላቆመ፣ መግል ከወጣ፣ ጥርስ ከተነቃነቀ ወይም ፍንጭት ያለ ብሬስ በራሱ እየሰፋ ከሄደ፣ መሣሪያ መቀየር መፍትሔ አይሆንም። ድዱ ሥር ታርታር ወይም የአጥንት መሸሽ ሊኖር ስለሚችል ሐኪም የድዱን ጥልቀት መለካት አለበት።